ባዶው ዝርዝር

ሆስፒታሉ ውስጥ "ጥድፊያ" የሚሉኝ በከንቱ አይደለም። የላቦራቶሪ ውጤት ወደየክፍሉ የሚልከውን ሲስተም የሠራሁት እኔ ነኝ። ተራው ውጤት መጀመሪያ ዲስክ ላይ ተጽፎ ወረፋውን ይጠብቃል፤ ከወረፋው የሚወጣውም ነርሷ መድረሱን ስታረጋግጥ ብቻ ነው። አስቸኳዩን ግን ዲስኩ እንዳያዘገየው ብዬ ሜሞሪ ላይ ብቻ በሚቀመጥ ዝርዝር ውስጥ አስገባሁት። ግማሽ ሰከንድ አተረፍኩ ብዬ ሳምንት ሙሉ ጉራዬን ነዝቻለሁ።

ረፋዱ ላይ ሲስተሙ የሚሠራበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ በድንገት ወደቀ፤ ሥራ አቆመ። ሳስነሳው ሁለት መቶ አሥራ አራት ተራ ውጤቶች ከዲስኩ ተነስተው ካቆሙበት ቀጠሉ። አንዳንዱም ከመውደቁ በፊት ደርሶ ማረጋገጫው ስላልተመዘገበ ሁለት ጊዜ ተላከ። ነርሶቹ "ቅድም ልካችሁት የለ እንዴ?" እያሉ ሲደውሉ እየሳቅኩ ይቅርታ ጠየቅኩ። ወረፋው እስኪያልቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ።

ከዚያ ወደ አስቸኳዩ ዞርኩ። "የሚጠብቅ የለም" ይላል። ሁሉም ተልኮ ያለቀ ዝርዝርም፣ ሰርቨሩ ሲወድቅ አብሮ የጠፋ ዝርዝርም ባዶ ነው፤ ስክሪኑ አይለያቸውም።

"ስንት ነበሩ?" አሉኝ እትዬ፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ።

"አላውቅም።"

"የሠራኸው አንተ አይደለህም እንዴ?"

"የትኛው እንደተላከ፣ የትኛው እንደቀረ የሚያውቀው ዝርዝሩ ብቻ ነበር፣ እትዬ። ሌላ ቦታ አልጻፍኩትም።"

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ውጤቶቹ ራሳቸው ዳታቤዙ ውስጥ አሉ። ከጠዋት ጀምሮ የወጡትን አደገኛ ውጤቶች ሁሉ አወጣኋቸው፤ አሥራ ሰባት ናቸው። የደረሰውን ካልደረሰው መለየት ስለማንችል እትዬ እያነበቡ፣ እኔ ስለ ሁሉም ለየክፍሉ መደወል ጀመርኩ።

"ደርሶናል።" "ደርሶናል።" አሥራ ሁለተኛው ላይ የእትዬ ድምፅ ተለወጠ።

"ፖታሲየም፣ ሰባት ነጥብ አንድ። የኩላሊት ሕመምተኛው ሽማግሌ። ይሄ ልብ ያቆማል።"

የተኙበት ክፍል ነርስ ስልኩን አነሳች። "እሳቸውን? ካሰናበትናቸው እኮ ቆየን። ስክሪኑ አስቸኳይ የለም ሲለን፣ ክፉ ነገር ቢኖር ይመጣ ነበር ብለን።"

ፋይላቸው ላይ ባለው ቁጥር ደወልኩ፤ ልጃቸው በሦስተኛው ጥሪ አነሳች። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት።

"ቤት ገብተናል። ደክሞኛል ብሎ ጋደም ብሏል።"

"አሁኑኑ ይቀስቅሷቸው። ውጤታቸው አደገኛ ነው፤ አምቡላንስ እየላክን ነው።"

የእግሯን ኮቴ ሰማሁ፤ በር ተከፈተ።

"አባዬ። ከሆስፒታል ነው፣ ተነስ።"

ዝም።

"አባዬ።"

አጠገቤ እትዬ ለአምቡላንሱ አድራሻውን እየነገሩ ነው። ስልኩ የሆነ ቦታ ላይ ሲቀመጥ ተሰማኝ። አሁን ድምፅዋ ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ አባቷን እየነቀነቀች ደጋግማ "አባዬ" ትላለች፣ እኔም አልዘጋሁትም።