የአንጋፋው ወንበር

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ወርወር አደረገና «እስከ ስድስት ሰዓት ወንበሮቹን አጣርተሽ ጨርሺ» አለኝ።

እኛ ሊፍት እንጠግናለን። ጥገናው የሚመዘገብበትን ፕሮግራም የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ክፍያው በተጠቃሚ ቁጥር ነው፤ የፕሮግራሙ ሻጮች አንዱን ተጠቃሚ አንድ ወንበር ይሉታል። አሥራ አራት አለን። ውሉ ቀትር ላይ ይታደሳል፣ ያኔ የተገኘው ቁጥር ለዓመት ይጸናል።

«ብሎንን ደግሞ አሰናብቻታለሁ» ሲል ጨመረ። «ኮንትራቷ ዛሬ ያልቃል። አራት ወር ሙሉ በስሟ አንድ ሥራ የለም።»

ክው አልኩ። ብሎን የምንላት ትንሿ ቴክኒሻናችን ናት፤ ከማንም በላይ የምትለፋውም እሷ ናት። ስትቀጠር ክፍት ወንበር አልነበረም። አንጋፋው ቴክኒሻን ጡረታ ወጥቶ ነበር፤ እኔ ግን ስሙን ከፕሮግራሙ ካጠፋሁ የሊፍቶቹ የጥገና ታሪክ አብሮ የሚጠፋ መስሎኝ የይለፍ ቃሉን ሰጠኋት። «ለጊዜው በእሱ ስም ግቢ» አልኳት። ለጊዜው ያልነው ነገር መቼም ጊዜ አያልቅበትም።

ወደ ሻጮቹ ደወልኩ።

«የጡረተኛውን አካውንት ብታግጂው የሠራው አይጠፋም» አለኝ ስልኩን ያነሳው ልጅ። «ያልተዘጉ ሥራዎቹን ለሌላ ሰው አዛውሪ። ወንበሩ ይለቀቅና ለአዲስ ሰው ትሰጪዋለሽ፤ ተጨማሪ ክፍያ የለውም። አንዱን ወንበር ለሁለት መጠቀም ግን በውሉ ክልክል ነው።»

«ያለፈውን ወደ እሷ ስም ማዞርስ?»

«አይሆንም። መዝገብ ነው።»

የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር! አፈርኩ። አንድ ስልክ ደውዬ ብጠይቅ ኖሮ!

የመግቢያ ዝርዝሩን አትሜ ወደ ሥራ አስኪያጁ ገባሁ። የአንጋፋው አካውንት በየቀኑ የተከፈተው ከብሎን ስልክ ነበር። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ጥገና።

ጣቱን እያስኬደ አነበበ። ፊቱ ተቀያየረ።

«የይለፍ ቃሉን ማን ሰጣት?»

ጡረተኛው ነው ብል ማን ያጣራል? ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለስድስት ሩብ ጉዳይ ይላል።

«እኔ» አልኩ።

ዝርዝሩን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

«ከነገ ጀምሮ ፕሮግራሙን ሌላ ሰው ይይዘዋል» አለ። «ውሏን አድሳለሁ። አሁን ሂጂና አስገቢያት።»

ሦስቱን ያልተዘጉ ሥራዎች ወደ ሌላ ቴክኒሻን አዛወርኩ፣ አንጋፋውን አገድኩ፣ በተለቀቀው ወንበር የብሎንን ስም ጻፍኩ። ለስድስት ሁለት ደቂቃ ሲቀር ተሳካ።

ብሎን ክንዷ ድረስ ግሪስ በግሪስ ሆና መጣች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ይቅርታም ጠየቅኳት። ስልኳን ከፍታ ስሟን አየችው። ከሥሩ «የተሠራ ጥገና፦ ዜሮ» ይላል።

«እነዚያ የሠራኋቸውስ?»

«በእሱ ስም ይቀራሉ፣ እህቴ።»

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። የመፍቻ ሳጥኗን አነሳች።

«እሺ» አለች፣ «እንግዲህ ከአንድ ልጀምራ።»