ኩርባው ላይ የተቆረጠው ጥሪ

የአምቡላንስ ሾፌሩ ገሠሠ ወደ ቴሌው ኔትወርክ ክፍል ሲገባ ካፖርቱ ከዝናቡ ርሶ ነበር። ሐያት ወንበር ሳበችለት። እሱ ግን አልተቀመጠም።

«ልጄ» አላት፣ «አንቺ ነሽ አሉኝ ስልኩን በመኪና እየዞሩ የሚለኩት። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ጆሮዬ ነው የበደለኝ ወይስ መስመሩ?»

ነገሩን ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ በሁለት ሺህ ስድስት፣ ናስረዲን የሚባል የገጠር ባለሱቅ ምጥ የያዛትን ሚስቱን ዘይቱን በፒካፕ ጭኖ ከቴፒ አቅጣጫ ወደ ሚዛን ተነሳ። ከቤቱ ሲነሳ ለገሠሠ ደውሎ ድልድዩ ጋ ሊገናኙ ተስማሙ። መንገድ ላይ ግን ወንዙ ከድልድዩ በላይ መሙላቱን ሰማና እየሄደ እንደገና ደወለ። «ድልድዩ ጋ አትጠብቁን፤ በቡና እርሻው መንገድ ዞረን ነው የምንወጣው፣ በሚዛን በኩል ባለው መውጫ ላይ ድረሱልን» አለ። ገሠሠ የሰማው ግን «ድልድዩ ጋ… ጠብቁን» የሚለውን ብቻ ነበር። ከዚያ መስመሩ ጠፋ። ድልድዩ አጠገብ ቆሞ፣ ውሃው እየጨመረ፣ ደጋግሞ ቢደውል ናስረዲንን ማግኘት አልቻለም። እነሱ ከኮረብታው ጀርባ በእርሻው መንገድ ጭቃ ይዟቸው አንድ ሰዓት ከሩብ ጠበቁት። እዚያው ፒካፑ ላይ ወለደች። ዘይቱ ደሟ ሳይቆም አረፈች።

«ለቅሶ ልደርስ ብሄድ ወንድሟ ከደጅ መለሰኝ» አለ ገሠሠ። «መሥሪያ ቤቱም ከሥራ አግዶኛል። ሰውየው ‹አትጠብቁን› ብያለሁ ይላል፤ እኔ ‹ጠብቁን› ነው የሰማሁት። ሃያ ሦስት ዓመት ነድቻለሁ። ግን ሌሊት ሌሊት ራሴን እጠይቃለሁ፤ ምናልባት ሰምቼው ይሆን እያልኩ።»

«የት ሆኖ እንደደወለ ያውቃሉ፣ ጋሽ ገሠሠ?»

«ከሸኮ ወዲህ፣ ከእርሻው መገንጠያ በፊት ያለው ትልቁ ኩርባ ላይ ነበርን ይላል።»

ሐያት ኩርባውን ታውቀዋለች። መጋቢት ላይ ያን መንገድ ለክታው ነበር።

ገሠሠ ከወጣ በኋላ የመጋቢቱን ፋይል ከፈተች። የመንገዱ ካርታ ላፕቶፑ ላይ ተዘረጋ፤ ሲግናሉ ጥሩ የሆነበት ቦታ ሁሉ አረንጓዴ፣ የደከመበት ቢጫ፣ የጠፋበት ቀይ ነጠብጣብ። ኩርባው ላይ አምስት ቀይ ነጠብጣቦች ተከታትለው ቆመዋል፣ ከጎናቸውም የተቋረጠ ጥሪ ምልክት። ሥሩ ላይ በራሷ እጅ የጻፈችው አለ፦ «የሽፋን ክፍተት። አዲስ ታወር ያስፈልጋል።» ያ ጥያቄ ለመጪው ዓመት ዕቅድ ተላለፈ፣ ከሌሎች መቶ ጥያቄዎች ጋር።

ያን ጊዜ ሪፖርቱ በማግሥቱ ይፈለግ ስለነበር ቀዩን አይታ አልፋዋለች። ዛሬ ግን ነጠብጣቡን ተጭና ጥሪውን ሰከንድ በሰከንድ አስኬደችው። ስልኩ ከቴፒ በኩል ያለውን ታወር፣ ዘጠኝ ቁጥርን፣ ይዞ ይመጣል። የሲግናሉ ኃይል ከዜሮ በታች ሰማንያ፣ ከዚያ ዘጠና አራት፣ ከዚያ መቶ አራት፤ ቁጥሩ ከዜሮ በራቀ መጠን ሲግናሉ ይሞታል። ጥራቱ ዜሮ ከሚባለው ንጹሕ ድምፅ ተነሥቶ ወደ ሰባት ይወጣል፤ ሰባት ላይ ቃል ከቃል አይለይም። ከዚያ ጥሪው ተቆረጠ።

እዚህ ድረስ ነበር ያኔ ያየችው። ቀጥሎ ያለውን መስመር አነበበች። ጥሪው ከተቆረጠ ከሦስት ሰከንድ በኋላ፣ መኪናው ከኩርባው ሳይወጣ፣ ያው ስልክ ሌላ ታወር ይዟል። አሥራ አራት ቁጥርን። ከዜሮ በታች ስልሳ ስድስት። ከተማ መሃል እንኳ እንዲህ ያለ ሲግናል ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ክፍተት ቢሆን ኖሮ ጥሪው ከተቆረጠ በኋላም ምንም ባልተገኘ ነበር። የስካነሩን ፋይል፣ መጋቢት ላይ ጨርሶ ያልከፈተችውን፣ ከፈተች። ስልክ በጥሪ ላይ ሳለ የሚለካው የያዘው ታወር «ጎረቤቶችህ እነዚህ ናቸው» ብሎ የሰጠውን ዝርዝር ብቻ ነው፤ መኪናው ላይ የተጫነው ስካነር ግን በአካባቢው ያለውን ታወር ሁሉ ይሰማል። ኩርባው ላይ ከመድረሳቸው ከግማሽ ኪሎ ሜትር ጀምሮ አሥራ አራት ቁጥር ጎልቶ ይሰማ ነበር። ስልኩ አላየውም። ዘጠኝ ቁጥር ዝርዝር ውስጥ አሥራ አራት የለም። አሥራ አራት ቁጥር ጥር ላይ ሥራ ሲጀምር ዘጠኝን ጎረቤቱ አድርገው አስገብተዋል፤ ዘጠኝ ላይ ግን አሥራ አራትን ማስገባቱ ተዘንግቷል። ስለዚህ ከሚዛን ወደ ቴፒ እያወራ የሚሄድ ሰው ምንም አይገጥመውም። ከቴፒ ወደ ሚዛን የሚመጣው ግን የሞተውን ታወር እንደጨበጠ ይቆረጣል።

አዲስ ታወር አያስፈልግም ነበር። ብረት አያስፈልግም፣ ሲሚንቶ አያስፈልግም፣ በጀት አያስፈልግም። አንድ መስመር መጻፍ ብቻ።

በማግሥቱ ጠዋት የመለኪያውን መኪና ከሚነዳው ከከፈለኝ ጋር ወጣች። ገሠሠንም ከኋላ አስቀመጡት። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ባየ ቢሮ ቁጭ ብሎ ስልክ እንዲያነሳ ተስማሙ፤ በመኪናው ያለው ስልክ የሚያሳየው ከታወሩ የሚመጣውን ጥራት ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ወዲያኛው ሰው የሚደርሰውን የሚያውቀው የሚሰማው ሰው ነው።

«ከአንድ ጀምረው ይቁጠሩ፣ ጋሽ ገሠሠ፤ እስከ ሃምሳ» አለችው። «አቶ ባየ የሰማውን ይጽፋል።»

ከሸኮ ወዲህ ሲደርሱ ገሠሠ መቁጠር ጀመረ። ድምፁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚያነብ ሰው ዝግ ያለ ነበር። ሐያት ላፕቶፑ ላይ ኃይሉ ሲወርድ፣ ጥራቱ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ሲል አየች። የጎረቤቱ ሠንጠረዥ ላይ አሥራ አራት የለም። ገሠሠ ግን ይቆጥራል። ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ። መሣሪያው «ተቋርጧል» ብሎ ጮኸ።

«አላወቅኩም እኮ» አለ ገሠሠ፣ ስልኩን ከጆሮው አንስቶ እያየ። «ለማን ነው እንግዲህ ስቆጥር የነበረው?»

ሦስት ጊዜ ደጋገሙት፣ ሦስቱንም ጊዜ ያው ኩርባ ላይ ተቆረጠ። አቶ ባየ የጻፈውን መልሰው ሲደውሉ አነበበላቸው፦ ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ከዚያ ባዶ፣ ሠላሳ አንድ፣ ባዶ፣ ባዶ፣ ሠላሳ አራት፣ «አምስት» የሚል ጭራ ብቻ፣ ከዚያ ምንም። ገሠሠ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከፈለኝ መኪናውን ዳር አቁሞ ወረደና ጎማ የሚያይ መሰለ።

ከዚያ በእርሻው መንገድም ገቡ። ከኮረብታው ጀርባ ስካነሩም ቢሆን አንዳች አልሰማም። ያ እውነተኛው ክፍተት ነበር፤ እሱ አዲስ ታወር ይፈልጋል። ናስረዲን ስልኩን በኪሱ ከትቶ የገባው ወደዚህ ነው፣ ሁሉንም ተናግሬያለሁ ብሎ።

ከሰዓት በኋላ አሥራ አራት በዘጠኝ ቁጥር ዝርዝር ውስጥ ተጻፈ። ሐያት ሰዓቷን አይታ ነበር፤ ከነማረጋገጫው አሥር ደቂቃ ፈጀ። በሦስተኛው ቀን እንደገና ሲለኩ ስልኩ ኩርባው ላይ ሳይደርስ ከዘጠኝ ወደ አሥራ አራት ተሻገረ፤ ካርታው ላይም አረንጓዴው ሳይቆረጥ አለፈ። ከፈለኝ «እሰይ» ሊል አፉን ከፍቶ ተወው።

ሪፖርቱን ስትጽፍ አቶ ባየ መጥቶ ከጀርባዋ ቆመ።

«የመጋቢቱን ባታነሺው ምን አለበት?» አለ ቀስ ብሎ። «የጎረቤት ዝርዝር ጉድለት ተገኘ፣ ታረመ። በቃ። ሾፌሩን ነፃ ለማውጣት ይበቃዋል። ሳያስገቡ የቀሩት ሌሎች ናቸው፤ አንቺ ለምን ራስሽን ትከሻለሽ?»

«የረሱት እነሱ ናቸው፤ አይቼ ያላነበብኩት እኔ ነኝ» አለችው። «አራት ወር ሙሉ እጄ ላይ ነበር፣ አቶ ባየ።»

እሱም አልጨቀጨቃትም። ፈረመበት።

ገሠሠ ከእገዳ ተነሣ። ደብዳቤውን ሊያሳያት መጥቶ፣ አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ መልሶ ከተተው። አምቡላንስ ግን ከዚያ በኋላ አልነዳም፤ ራሱ ጠይቆ ወደ ጭነት መኪና ተዛወረ። ሐያት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከፈለኝ ወደ ናስረዲን ሱቅ ወሰዳት። ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጦ ሳሙና ይደረድር ነበር። ሰላምታ ሰጠችው፣ አላህ ይዘንላት አለች፣ ማን እንደሆነች ነገረችው። ከዚያ ሁሉንም፣ መጋቢትንም ጨምራ፣ ሳታቋርጥ ነገረችው።

ናስረዲን የያዘውን ሳሙና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«እኔ» አለ፣ «ለሰው ‹አትጠብቁን› ብያለሁ እያልኩ፣ እኔ ራሴ ማለቴን ተጠራጥሬ ነበር። እሷ እጄን ይዛ ትጮህ ነበር። ምናልባት ‹ጠብቁን› ብዬ ይሆናል እያልኩ… ለእናቷ ብቻ እንደዚያ ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው ብያቸዋለሁ።»

«ያንተ አይደለም። የጋሽ ገሠሠም አይደለም።»

«ማስተካከሉ ስንት ጊዜ ፈጀ?»

ሐያት ይህን እንዳይጠይቃት መንገዱን ሙሉ ስትጸልይ ነበር የመጣችው።

«አሥር ደቂቃ» አለች።

ጎንበስ አለ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች እንጂ ድምፁን አልሰማችም። አንዲት ሴትዮ ስኳር ልትገዛ መጥታ፣ ሁለቱን አይታ፣ ሳትጠይቅ ተመለሰች።

«ልጁ ደህና ነው?» አለች ሐያት።

«ሴት ናት። ጂማ እናቴ ጋ ናት። አፍናን አልናት።» ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «እህቴ፣ መጥተሽ ስለነገርሽኝ አላህ ይስጥሽ። ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ዛሬ አልችልም። አሁን ሂጂልኝ።»

«እሺ» አለች።

ደጁ ላይ ስትደርስ ጠራት።

«ያንን ሾፌር ታገኚዋለሽ?»

«አገኘዋለሁ።»

«ከደጅ የመለስነው ሰው ነው። በአርባዋ ቀን እንዲመጣ ንገሪው። እኔ ራሴ ቆሜ እቀበለዋለሁ።»

«እነግረዋለሁ» አለች ሐያት። ከፈለኝ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃት ነበር። ገባችና በሩን ዘጋች፤ «ወደ ጋሽ ገሠሠ ቤት» አለችው።