በየእሑዱ «ደህና»

ጓደኛዬ እንዳለች መቱ ከሄደች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ልጇ ገዳ «እናቴ ብቻዋን አትቀርም» ብሎ ወሰዳት፤ እኔ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቀረሁ። ተክለ ሃይማኖት ጎን ለጎን ተቀምጠን አርባ ዓመት በርበሬ ሸጠናል። ባሌ ሞቷል፣ ልጅ አልወለድኩም። ወጣትነቴን ያየ ሰው በሕይወት ያለው እሷ ብቻ ናት። እሷን ካጣሁ ያን ሁሉ ዕድሜ መኖሬን ማን ይመሰክርልኛል?

እሑድ እሑድ «ከቅዳሴ መጣሁ» ብዬ እደውልላታለሁ። በመጀመሪያው ሰሞን ስልኩ ጆሮዬን እስኪያግለው እናወራ ነበር። ኋላ ወሬው እየሟሸሸ መጣ። ደህና ነሽ? ደህና። ልጆቹስ? ደህና። ዝናቡስ? ተመስገን። በይ ቻው። ሦስት ደቂቃ። ለዚህማ ሰው ምን ያደርጋል፣ በቀቀን ይበቃል።

አንድ እሑድ አንገፈገፈኝና «ትናንት ሞቼ ልደታ ማርያም ቀበሩኝ» አልኳት።

«እሰይ፣ ተመስገን» አለች።

የሳቅሁ እንዳይመስላችሁ። ስልኩን ዘግቼ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ልሰድባት አፌን ካሾልኩ በኋላ፣ እሷ ባለፈው እሑድ ያለችኝን ላስታውስ ብል አንዲት ቃል አጣሁ። እኔም ተመስገን ብያት ይሆናል። ማን ያውቃል፣ እሷም ተቀብራ ይሆናል።

ቀኑን ብለውጥ ወሬው ይለወጣል ብዬ ረቡዕ ማለዳ ደወልኩ። ሞኝነት ነው። በእኛ ዘንድ ያለቀኑ የሚጮህ ስልክ መርዶ ነው። ገና አንስታ «ማን ሞተ?» አለች። ማንም አልሞተም ብላት አታምነኝም፤ እየደበቅሽኝ ነው ብላ እሪ አለች። ገዳ ስልኩን ተቀብሎ፣ እናቱ ደም ግፊት እንዳለባትና ሁለተኛ እንዲህ እንዳላስደነግጣት በትሕትና ገሠጸኝ። እሑድ ስደውል የሚያነሳ የለም። በሌላውም እሑድ የለም።

በእነዚያ ቀናት እህል አልቀመስኩም ብል ውሸት ነው። በላሁ፤ አፈር አፈር ይለኝ ነበር እንጂ። ብታነሳስ ምን ልላት ነው? ደህና ነሽ ወይ ልላት? እሱ አይደል የገደለን።

ስብሰለሰል ከርሜ አንድ ነገር ገባኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ደንበኛ እኔን እያለፈ ከእሷ ሲገዛ፣ እኔ «ሰዉ ጣዕም አያውቅም» እያልኩ ኖርኩ እንጂ በርበሬውን ከቅመም ጋር እየወቀጠች እንዴት እንደምትደልዘው አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ጎረቤቴ ማሂ ዛላ በርበሬ ገዝታ አመጣችልኝ። ቀነጠስኩና ሙቀጫዬን አወጣሁ። በሦስተኛው እሑድ ስልኩን የገዳ ሚስት ሰላም አነሳች።

«ደህንነቷን ልጠይቅ አልደወልኩም በያት» አልኳት። «በርበሬ ልደልዝ ነው፤ እንዳላበላሸው ትንገረኝ።»

ስልኩን ወስዳ ሰጠቻት። ከዚያ የእንዳለች ድምፅ መጣ። «የእኔ ይበልጣል ስትይ አልነበር?»

«ዋሽቼ ነው።»

ስልኩን ላውድ አድርጌ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት። ነጭ ሽንኩርቱ ስንት ራስ እንደሆነ፣ ዝንጅብሉ እርጥብ ይሁን ደረቅ፣ ጤና አዳሙ ከእነፍሬው እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። የታችኛው ጎረቤት ጣሪያዬ ሊወርድ ነው ብሎ በሬን ሲደበድብ፣ ማነው አለችኝ። በርበሬ የማይበላ ሰው ነው አልኳት። ሳቀች። ቆየት ብላ «ድምፁ ደረቅ ነው፤ ውሃ ጠብ አድርጊበት» አለች። ከመቱ ሆና ዘነዘናዬን እያዳመጠች ነው!

ከዚያ ጸጥ አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን በይ ቻው የምለው ይሄኔ ነበር። አፌን ያዝኩ።

«ማድቤት ከገባሁ ዓመት አለፈኝ» አለች። «እጄ ይንቀጠቀጣል። ትቃጠያለሽ ብለው ከለከሉኝ። ተቀምጬ ነው የምውለው፤ ምኑን ላውራሽ?»

አይዞሽ ልላት ነበር። «አይዞሽ»ም እንደ «ደህና» ወሬ መዝጊያ ነው፤ ዋጥኩት።

«የትኛው እጅሽ ነው?»

«ቀኙ።»

«ስትበዪስ?»

«ሰላም ታጎርሰኛለች» አለች። «እንደ ሕፃን።»

ዘነዘናው ከእጄ ወረደ። ያቺ ኩንታል ብቻዋን የምታወርድ ሴት። እሷ ይህን አውጥታ የእኔን ብደብቅ ነውር ነው።

«እኔም ከጥምቀት ወዲህ ቅዳሴ አልሄድኩም» አልኳት። «ጉልበቴ ደረጃውን አልወርድም አለ።»

«ታዲያ ስለ ስብከቱ በየእሑዱ የምትነግሪኝስ?»

«በመስኮት የሰማሁትን ነው። ያልሰማሁትን እጨምርበታለሁ።»

«ውሸታም።»

«አንቺስ?»

ስታለቅስ ሰማኋት፤ እኔም አላስቻለኝም። እሷ አትመጣም፣ እኔም አልሄድም፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን። መሐላችን ያ ሁሉ አገር አለ። ምን እንደምላት ጨነቀኝና ዘነዘናውን አንስቼ መውቀጥ ጀመርኩ።

«ውሃ ጠብ አድርጊበት አላልኩሽም?» አለች እያለቀሰች። «አሁንም ደረቅ ነው።»