ቁርጥ ያለ መልስ

የክሊኒኩ የግዢ ኃላፊ እምቢ ማለት አይሆንለትም። አምና አንዱን መጋረጃ ሻጭ አለሳልሶ ቢመልሰው፣ ሰውየው ያሸነፈ መስሎት መጋረጃውን ጭኖ ከች አለ። ዘንድሮ ግን ወንበር ሻጯን ቢሮው ጠርቶ ሳይደባብቅ ነገራቸው።

“እትዬ፣ ስላቀረቡልን እናመሰግናለን፤ ለአሁኑ ግን ሌላ መርጠናል። ወንበርዎ ሲቀመጡበት ይመቻል፤ ልባሱ ግን ጨርቅ ነው፣ እኛ ደግሞ በየቀኑ በመድኃኒት እንወለውላለን። የሚወለወል ካመጡ ለሚቀጥለው ጨረታ እንጋብዝዎታለን።”

ሴትዮዋ ከት ብለው ሳቁ። “ተባረክ ልጄ! ሌላው ‘እናስብበታለን’ እያለ ያስረጀኛል። በል ናሙና ወንበሬን ስጠኝ።”

ኃላፊው እያፈረ በሩን ከፈተላቸው። ኮሪደር ላይ ዋና ሐኪሙ ናሙናው ላይ ተዘርግተው ያንኮራፋሉ።

“አትቀስቅሳቸው” አሉ ሴትዮዋ በሹክሹክታ። “የሚወለወል ቆዳ አልብሼ ስመለስ ምስክሬ ናቸው።”