አራት ትእዛዝ

የኮምፒውተር ክለቡ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ሰፊ ካርቶን ተለጥፏል። የጉንዳኗ ጨዋታ ሠላሳ ደረጃዎች ከላይ እስከ ታች ተዘርዝረውበታል፤ ከየደረጃው ጎን ከሁሉ ባነሰ ትእዛዝ የጨረሰው ሰው ይጻፋል። ማርከሩ ግን ሌላ ቦታ አይቀመጥም፣ የኮምፒውተር መምህሩ ደረት ኪስ ውስጥ ነው። ከሠላሳኛው ደረጃ ጎን «ቲቸር፣ 11» ተብሎ ከተጻፈ ሦስት ዓመቱ። ጽሑፉ ደብዘዝ ሲል መምህሩ ራሱ ደግሞ ያደምቀዋል።

ጨዋታው እንዲህ ነው፤ ጉንዳኗን በእጅ መንዳት አይቻልም። ትእዛዞቹን በቅደም ተከተል ትደረድራለህ፣ «ጀምር» የሚለውን ትጫናለህ፣ ከዚያ እጅህን አጣጥፈህ ማየት ነው። አንዷን ትእዛዝ ካዛነፍክ ጉንዳኗ አታዝንልህም። ልጆቹ «ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል» ብለው ሲያለቃቅሱ መምህሩ አንድ መልስ ብቻ አለው፦ «ማሽን አይዋሽም። ስህተቱ ያንተ ነው!»

ሠላሳኛው ደረጃ ወደ ውስጥ የሚጠመዘዝ መተላለፊያ ነው። ሰባት እርምጃ፣ ወደ ቀኝ፣ ስድስት እርምጃ፣ ወደ ቀኝ፣ አምስት፣ ወደ ቀኝ፣ አራት። ምግቡ ያለው ጫፉ ላይ፣ ግድግዳው ሥር ነው። መምህሩ እርምጃዎቹን ቆጥሮ፣ አራት «ድገሚ»፣ አራት «ወደፊት»፣ ሦስት «ወደ ቀኝ» ደርድሮ በአሥራ አንድ ጨርሶታል። የተፈቀደው አሥራ ሁለት ስለነበር በአንዷ ትርፍ ሦስት ዓመት ተኮፍሶባታል።

ዘንድሮ ከትምህርት ቤቶች ውድድር ደብዳቤ መጣ። ከየትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ ብቻ። መምህሩም በክፍሉ ፊት፣ አፉን ሞልቶ፣ «የኔን አሥራ አንድ የነካ ይሄዳል፤ የበለጠኝ ካለማ ራሴ ተሸክሜ እወስደዋለሁ!» አለ። የክፍሉ አለቃ፣ ከመምህሩ ሥር የማይጠፋው ልጅ፣ አሥራ አንዱን አምጥቶ ተመሰገነ። ያመጣው ከመምህሩ ትከሻ ኋላ ቆሞ አይቶ መሆኑን መምህሩ ያውቃል፤ ግን ደስ ብሎታል። የሚቀዳህ ሰው አይበልጥህማ።

ሐሙስ ዕለት ቆርኪ መጣች።

ቆርኪ ያሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው። ቤቷ ያለው ኮምፒውተር አጎቷ መሥሪያ ቤቱ ሲያስወግደው ያመጣላት ነው፤ ጨዋታውን እስከ ሃያኛው ደረጃ እያቃሰተ ያደርሳታል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። እሷ ታዲያ የቀሩትን ደረጃዎች ክፍል ውስጥ እያየች ባለካሬ ደብተሯ ላይ ትስላቸዋለች። ቤቷ ስትገባ የጠርሙስ ቆርኪ ጉንዳን ታደርግና ትእዛዙን እያነበበች በካሬዎቹ ላይ ትገፋዋለች።

«ቲቸር፣ ሠላሳኛውን በአራት ጨረስኩት» አለች።

«በአራት ምን? በአራት ቀን?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ወረቀቱን ሰጠችው። አራት መስመር ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ገባ ብሎ፣ ሦስተኛው ይበልጥ ገባ ብሎ፣ አራተኛው ከሁለተኛው ጋር ተስተካክሎ።

*ምግቡ ጋ እስክትደርሺ ድገሚ*
*— ግድግዳ እስኪገጥምሽ ድገሚ*
*— — ወደፊት ሂጂ*
*— ወደ ቀኝ ታጠፊ*

መምህሩ አነበበው። ቁጥር የለበትም። ሰባት የለ፣ ስድስት የለ። እሱ እርምጃ ሲቆጥር የኖረበትን መንገድ ይቺ ልጅ ሳትቆጥረው ሄዳበታለች። ቅናት ነበር፤ ስሙን ሌላ ማለት አይቻልም። ቆሽቱ አረረ።

«እስቲ እናያለን!» ብሎ ጀርባውን ለክፍሉ ሰጥቶ፣ ወረቀቱን በቅጡ ሳያይ ትእዛዞቹን ደረደረና «ጀምር»ን ተጫነ። ትእዛዞቹ ተሰውረው ካርታው ትልቁን ስክሪን ሞላው። ጉንዳኗ ሰባት እርምጃ ሄደች። ግድግዳው ጋ ደረሰች። ቆመች።

ጠበቁ። ጉንዳኗ ንቅንቅ አላለችም።

«ይኸው!» አለ መምህሩ፤ ልቡ ጮቤ ረገጠ። «ማሽን አይዋሽም። ስህተቱ ያንቺ ነው።»

ቆርኪ ስክሪኑን አፍጥጣ አየችው። ወደ ቦታዋ ሄዳ ተቀመጠች።

ደወሉ ተደውሎ ክፍሉ ባዶ ሲሆን መምህሩ ጨዋታውን ሊዘጋ ሄደ። ትእዛዞቹ ተመልሰው ስክሪኑ ላይ ወጡ። ያኔ ነው ያየው። «ወደ ቀኝ ታጠፊ»ን ያስቀመጠው ከትልቁ ድግግሞሽ ውጭ፣ ከሁሉም በታች ነው። ስለዚህ ጉንዳኗን ግድግዳ ገጥሟታል፤ ትልቁ ድግግሞሽ «ምግቡ ጋ አልደረስሽም፣ ድገሚ» ይላታል፤ ትንሹ «ግድግዳ ገጥሞሻል፣ አትሂጂ» ይላታል። መታጠፊያዋ ውጭ ቀርታ ተራዋ መቼም አይደርስም። ትእዛዟን ወደ ውስጥ ጎትቶ አስገባትና «ጀምር» አለ። ጉንዳኗ እየታጠፈች ሄዳ ምግቡ ላይ ቁጢጥ አለች።

በአራት!

ዙሪያውን ገላመጠ። ማንም የለም። ጨዋታውን ዘጋው። የቆርኪን ወረቀት አጥፎ ከማርከሩ ጋር ኪሱ ከተተው። ከዚያ ለርዕሰ መምህሯ የሚሰጠውን የውድድር ቅጽ አወጣና የክፍሉን አለቃ ስም ሞላበት። ነገ እስከ እኩለ ቀን ይረከባሉ። «ገና ልጅ ናት፣ ለከርሞ ትደርሳለች» አለ ለራሱ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ ባዶ ክፍል ውስጥ ለማን እንደሚናገር እንጃለት።

አርብ ጠዋት፣ ገና ክፍሉን ሲከፍት፣ ቆርኪ በሩ ላይ ቆማለች። ደብተሯን አቅፋለች።

«ቲቸር፣ ከክለቡ ልወጣ ነው።»

መጀመሪያ የተሰማው ግልግል ነበር። «ምነው?»

«ቤቴ ሆኜ ደጋግሜ ገፋሁት። እኔ ጋ ሁልጊዜ ምግቡ ጋ ትደርሳለች። እዚህ ግን ቆመች። ማሽን ደግሞ አይዋሽም። ስለዚህ እኔ ነኝ የማላውቀው።» ደብተሯን ከፈተች። «ለምን እንደቆመች ሳስብ ያገኘሁት ይሄን ነው። ‹እስኪ› የሚለውን ተሳስቼ ነው የተረዳሁት። ግድግዳ አንዴ ከገጠማት ሁሉም ነገር ያልቃል ማለት ነው። ከአንደኛው ደረጃ መጀመር አለብኝ። ሌሎቹን ወደ ኋላ እንዳልጎትታቸው ብዬ ነው።»

መምህሩ ደብተሩን አየው። ትክክለኛውን ሐሳቧን በአንድ ረጅም መስመር ሰርዛዋለች። ከሥሩ፣ ንጹሕ በሆነ የእጅ ጽሑፍ፣ አዲሱን ሕግ አስፍራለች። የተሳሳተውን ሕግ። እሱ ያስተማራትን።

ልጆቹ አንድ በአንድ እየገቡ ነው፤ የክፍሉ አለቃም ገብቶ ፊት ወንበር ላይ ተሰይሟል። ዝም ቢል ማንም አያውቅም። ኮምፒውተሩን ከፈተና ወንበሩን ለቀቀላት።

«አንቺ ራስሽ አስገቢው።»

አራቱን ደረደረችና ተጫነች። ጉንዳኗ ሰባት ሄዳ ታጠፈች፤ ስድስት፣ ታጠፈች፤ አምስት፣ ታጠፈች፤ አራት። ምግቡ። ክፍሉ ጮኸ። ቆርኪ ግን አልጮኸችም፤ ግንባሯን ቋጥራ አሰበች።

«ታዲያ ትናንት?»

«ትናንት...» አለ መምህሩ። መብራት ነው ሊል ነበር። ቫይረስ ነው ሊልም ነበር። «ትናንት ያስገባሁት እኔ ነኝ። መታጠፊያዋን ውጭ አደረግኳት። እናንተ ከወጣችሁ በኋላ አየሁት፣ ዝም አልኩ።»

መምህሩ ቅጹን አውጥቶ ቀደደው። አዲስ ቅጽ ላይ የቆርኪን ስም ሞላ። ማርከሩን አወጣና ካርቶኑ ላይ፣ ሦስት ዓመት ሲያደምቀው የኖረውን «ቲቸር፣ 11» ሰርዞ፣ «ቆርኪ፣ 4» ብሎ ጻፈ። ቅናቱ ለቀቀው ቢባል ውሸት ነው፤ አራቷን ሲጽፍ እጁ ከብዶት ነበር፣ ትንሽም አድርጎ ነው የጻፋት።

ዘወር ሲል ቆርኪ ደብተሯ ላይ አቀርቅራለች። የተሳሳተውን ሕግ ሰረዘችው። ከሥሩ ሌላ ጻፈች። መምህሩ በትከሻዋ ላይ አጮልቆ አነበበ፦

«ማሽን አይዋሽም። ያስገባውን ሰው ጠይቂ።»