የኑጉ መጋዘን በር

ሮማነወርቅ በናዝሬት የአንድ ዘይት ፋብሪካ የሠራተኛ አስተዳደር ባልደረባና የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጸሐፊ ናት። አንድ የምርመራ ማጠቃለያ ለሦስተኛ ጊዜ እየተየበች ነበር።

ጉዳዩስ ቀላል ነበር፤ ያከበዱት ሰዎች ናቸው። ኑግ አበጣሪዋ አሰፋሽ፣ የፈረቃ ኃላፊው ጓድ አብተው በመጋዘኑ በር ባለፈች ቁጥር ወገቧን እየያዘ እንዳስቸገራት አመለከተች። ሁለት አበጣሪዎች አይተናል ብለው ቃላቸውን ሰጥተው ፈረሙ። አብተው ደግሞ «በሩ ጠባብ ነው» አለ። አቤቱታው ካልተረጋገጠ አሰፋሽ በስም ማጥፋት ልትባረር ነው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ ፈዬራ ግን የገለልተኝነት አባዜ ተጠናውቶታል። «ያለፈቃዷ» የሚለውን ቃል ወደ ሴትየዋ ያጋድላል ብሎ ሰረዘው። «ወገቧን ያዘ» የሚለውን ደግሞ «እጅና ወገብ ተገናኙ» አደረገው።

«ጓድ፣ እጁ ባለቤት የለውም?» አለች ሮማነወርቅ።

«ባለቤቱን መጥቀስ መፍረድ ነው። በሩ እንዲሰፋ ሐሳብ አቅርቢና ፋይሉን ዝጊ።»

«እንግዲያው በሩን ሳናይ እንዴት ጠባብ ነው እንላለን?»

ስለዚህ ኮሚቴው ተሰብስቦ ወደ መጋዘኑ ወረደ። አብተው ከሁሉ ቀድሞ፣ ልቡ ሞልቶ፣ «እንዴት እንደምናልፍ ላሳያችሁ!» አለ። በማሳያው የአሰፋሽን ቦታ የሚይዝ ሰው ሲጠፋ ፈዬራ ኮቱን ቆለፈና «እኔ አሰፋሽ ነኝ» ብሎ በሩ ላይ ተገተረ። የሳቀ የለም፤ ማን ደፍሮ!

አብተው መጣ። እጁ የለመደውን አልረሳም፤ የሰብሳቢውን ወገብ ጥርቅም አድርጎ ያዘ። ፈዬራ እሪ ብሎ ዘለለና ቆቡ ኑጉ ውስጥ ገባ። ይኼኔ አንድ ወዛደር ሙሉ ጆንያ ተሸክሞ በሩ ላይ በቆሙት በሁለቱ መካከል «ይቅርታ፣ ጓዶች» ብሎ ሰተት ብሎ አለፈ።

«አየህ? በሩ እኮ ነው!» አለ አብተው።

ሮማነወርቅ ቢሮዋ ተመልሳ ያየችውን ብቻ ጻፈች። ማስረጃ፦ የአመልካቿ ቃል፣ የሁለት ምስክሮች ቃል፣ የተከሳሹ ምላሽ፣ የቦታ ምልከታ። ግኝት፦ በሩ ጆንያ የተሸከመን ሰው ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ያሳልፋል፤ ጓድ አብተው በምልከታው ወቅት የሰብሳቢውን ወገብ ይዟል። መደምደሚያ፦ የበሩ ጥበት የሚለው ምክንያት አልተረጋገጠም፤ አቤቱታው በማስረጃ ተደግፏል፤ የቅጣቱ ውሳኔ የሥራ አስኪያጁ ነው።

ፈዬራ አነበበው። ፊቱ ቀላ።

«ይኼማ ፈቅጄ ያስመስላል! 'ያለፈቃዱ' የሚል ይግባበት እንጂ!»

«አያጋድልም?»

«ምኑ ያጋድላል? የሆነው እሱ ነው!»

ሮማነወርቅ እስክሪብቶ አቀበለችው። በገዛ እጁ «ያለፈቃዱ» ብሎ ጨመረና ፈረመበት። ወረቀቱን ሊመልስላት ሲል ጣቷን የአሰፋሽ አቤቱታ በሰፈረበት መስመር ላይ አሳረፈች። ፈዬራ መስመሩን አነበበው። ከዚያ እስክሪብቶውን መልሶ አነሳና፣ ራሱ የሰረዘውን ቃል ራሱ መልሶ ጻፈው።