የጠርሙሶቹ መያዣ

የሺአረግ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ስብሰባ ላይ መተኛት እንጂ ዝም ማለት አትችልም ነበር። አዲስ አበባ፣ ከኦሎምፒያ ዝቅ ብሎ በነበረው የመንግሥት የቤት ዕቃ ማምረቻ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። ስብሰባው ሲጀመር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል ታደርግና ታንቀላፋለች፤ «ይውደም!» ሲባል እጇ ብቻውን ይነሣል። ዓይኗ የሚገለጠው ሰው ቁጥር ሲያበላሽ ነው።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ላይ፣ ከእንደዚህ ዓይነቱ እንቅልፍ የቀሰቀሳት የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሊቀ መንበር የጓድ ዓለምሰገድ ድምፅ ነበር።

«ከሠራተኛው መዝናኛ ክበብ ዘጠኝ መቶ ብር ጎድሏል! ይህ ተራ ስርቆት አይደለም ጓዶች፣ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው! ኃላፊዋ እስከ ቅዳሜ ካልተካች ጉዳዩ ለፖሊስ ይተላለፋል!»

የክበቡ ኃላፊ ውባንቺ ናት። ዘጠኝ መቶ ብር የዓመት ደመወዟ ነው። ብድግ አለችና አንድ እግሯን ከፊት ለፊቷ ወንበር ላይ ሰቀለች።

«ዘጠኝ መቶ ብር ብሰርቅ ይኼን ጫማ አደርግ ነበር? እዩት እስቲ! በሽቦ ነው የተሰፋው!»

ሰዉ ሣቀ። ጓድ ዓለምሰገድ አልሣቁም። ክሱ ለሰሚ በጣም ቀላል ነበር። ማትረፍ የአድኃሪያን ሥራ ነው ስለተባለ ክበቡ ቢራውን የሚሸጠው በገዛበት ዋጋ ነው። እንግዲህ ቢራ ተብሎ መዝገብ ላይ ከወጣው ወጪ ላይ ያልተሸጠው ሲቀነስ፣ የቀረው ገንዘብ ሆኖ ካዝና ውስጥ መገኘት አለበት። ዘጠኝ መቶው ግን የለም።

ውባንቺ ከአዳራሹ ስትወጣ እየሣቀች ነበር። በር ላይ ስትደርስ ግን የየሺአረግን ክንድ ያዘች።

«ልጆቼን ማን ያበላቸዋል የሺዬ?»

«ዝም በይ እስቲ፣ ገና ለገና» አለቻትና በቀጥታ ወደ አለቃዋ ወደ አቶ አያሌው ክፍል ገባች።

የሒሳብ ክፍሉ አሠራር እንዲህ ነበር። በወሩ መጨረሻ ደረሰኞቹ በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ ይገለበጣሉ፤ ቀን፣ ቁጥር፣ የሻጩ ስም፣ ጠቅላላ ድምር። ደረሰኞቹ ታስረው ቁም ሣጥን ይገባሉ። ቫውቸሩ፣ ማለትም ገንዘቡ ለየትኛው ሒሳብ እንደገባ (ዴቢት)፣ ከየትኛው እንደወጣ (ክሬዲት) የሚያዘው ወረቀት፣ የሚሠራው ከዚያ ሰፊ ወረቀት ላይ እንጂ ከደረሰኙ አይደለም። ሚያዝያ ላይ ክበቡ ሲከፈት የተገዛውን ሃምሳ ሣጥን ቢራ አቶ አያሌው ራሳቸው ነበሩ የመዘገቡት። ዴቢት፣ የቢራ ግዢ ሁለት ሺህ አንድ መቶ። ክሬዲት፣ ጥሬ ገንዘብ ሁለት ሺህ አንድ መቶ።

«አቶ አያሌው፣ ሃምሳ ሣጥን ሁለት ሺህ አንድ መቶ ከሆነ አንዱ ሣጥን አርባ ሁለት ብር መጣ ማለት ነው።»

«ታዲያስ?»

«ውባንቺ ጠርሙሱን የምትሸጠው አንድ ብር ነው። ሃያ አራት ጠርሙስ፣ ሃያ አራት ብር። በገዛንበት ነው የምንሸጠው ስንል የቀረችዋን ዐሥራ ስምንት ብር ማን ጠጣት?»

የሺአረግ ቁም ሣጥኑን ከፈተች፣ አቧራ አስነጠሳት፣ የሚያዝያን እሥር ፈትታ ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አንድ ድምር ቢኖረውም መስመሩ ሦስት ነው። ቢራ፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ። የጠርሙስ መያዣ፣ ስድስት መቶ። የሣጥን መያዣ፣ ሦስት መቶ።

«ይኸው ዘጠኝ መቶው» አለች። «መያዣ እኮ ወጪ አይደለም። ሻጩ ዘንድ የተቀመጠ የራሳችን ገንዘብ ነው፤ ባዶውን ስንመልስ ይመልስልናል። ከዚያ ወዲህ ውባንቺ በየሳምንቱ ባዶውን በሙሉ እየለወጠች የምትከፍለው የቢራውን ብቻ ነው። እርስዎ ጠርሙሱንም ሣጥኑንም ቢራ ብለው አስጠጡን!»

«ድምሩ ልክ ነው! ዴቢቱና ክሬዲቱ እኩል ነው!»

«እኩልማ ነው። ሬሳ ሣጥንም በልክ ተሠርቶ የተሳሳተ ሰው ሊገባበት ይችላል። አሁን ውባንቺ ልትገባበት ነው።»

አቶ አያሌው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ። ኮሚቴ የወሰነውን በቫውቸር መሻር ደግሞ የሚያስፈራ ነገር ነው።

«ጠርሙሶቹ ይቆጠሩ» አሉ በመጨረሻ። «ጠርሙስ ከሌለ የሚመለስ መያዣ የለም። ከጎደለ ውባንቺ ትጠየቃለች። ከሞላ እፈርማለሁ።»

በማግሥቱ ክበቡ ጓሮ ቆጠሩ። ሙሉውም ባዶውም ተደምሮ አርባ ሰባት ሣጥን ሆነ። የሺአረግ እንደገና ቆጠረች። አርባ ሰባት። አቶ አያሌው ጉሮሯቸውን ጠራርገው ሄዱ።

«ሦስቱስ የት ነው ያሉት?» አለች የሺአረግ።

ውባንቺ ግራ ቀኙን አየች። «ጓድ ዓለምሰገድ ዘንድ።»

«ምን?»

«ቀስ በይ እንጂ! ልጃቸውን ክርስትና ሲያስነሡ ወሰዱ። የቢራውን ሰባ ሁለት ብር ከፍለዋል፣ እሱን አልዋሽም። ጠርሙሱን ነገ እመልሳለሁ አሉ፤ ነገ ከሆነ ሁለት ወሩ። ማን ሄዶ ይጠይቃቸዋል?»

የሺአረግ ባዶ ሣጥን ላይ ቁጭ አለችና እንባዋ እስኪፈስ ሣቀች። በየስብሰባው ሃይማኖት የሕዝብ ማደንዘዣ ነው የሚሉን ሰውዬ!

ከሰዓት በኋላ የማስተካከያው ቫውቸር አቶ አያሌው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ዴቢት፣ የጠርሙስና የሣጥን መያዣ፣ ስምንት መቶ አርባ ስድስት። ዴቢት፣ ተሰብሳቢ ሒሳብ፣ ጓድ ዓለምሰገድ፣ ሃምሳ አራት። ክሬዲት፣ የቢራ ግዢ፣ ዘጠኝ መቶ። ከሥሩ ማብራሪያው፤ «ከቢራ ግዢ ጋር ተቀላቅሎ የተመዘገበን መያዣ ለማስተካከል፤ ሃምሳ አራቱ ብር ጓድ ዓለምሰገድ ለልጃቸው ክርስትና የወሰዷቸው የሦስት ሣጥኖችና የጠርሙሶቻቸው መያዣ ነው።»

«አንቺ ሴት፣ ልታስገድዪኝ ነው?» አሉ አቶ አያሌው።

«ማብራሪያ የሌለው ቫውቸር አልፈርምም የሚሉት እርስዎ ነዎት።»

ብቻቸውን ለመፈረም ፈሩ፤ እሷን አስከትለው ወደ ጓድ ዓለምሰገድ ቢሮ ሄዱ። ጓድ ዓለምሰገድ ወረቀቱን ሲያነቡ መጀመሪያ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ታች ሲደርሱ ቆመ።

«ጓድ የሺአረግ፣ ይኼ... ክርስትና የሚለው ምንድን ነው?»

«ማብራሪያ ነው።»

«ለግል ጉዳይ ቢባልስ?»

«ኦዲተር ሲመጣ የምን ግል ጉዳይ ብሎ እርስዎን ይጠይቃል። ሣጥኖቹ ከመጡ ግን መስመሩም አያስፈልግ፣ ማብራሪያውም አያስፈልግ። ዘጠኝ መቶው እንዳለ መያዣ ይሆናል፣ የቢራው ወጪም በዚያው ልክ ይወርዳል። ጉድለት የሚባል ነገር አይኖርም።»

ጓድ ዓለምሰገድ ስልኩን አንሥተው ሾፌሩን ጠሩ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የድርጅቱ ላንድሮቨር ሦስት ሣጥን ባዶ ጠርሙስ ክበቡ በር ላይ አራገፈ። ውባንቺ አንድ በአንድ እየነካች ቆጠረች፤ ሙሉ ነው። የሺአረግ ቫውቸሩን እንደገና ጻፈችው፣ አንድ ዴቢት፣ አንድ ክሬዲት። አቶ አያሌው ቀና ሳይሉ ፈረሙ።

ቅዳሜ ዕለት ጓድ ዓለምሰገድ «የሒሳብ ማስተካከያ ተደርጓል» ብለው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ። ይቅርታ ያለ ሰው አልነበረም።

ውባንቺም አልጠበቀች። ከስብሰባው ቀጥላ ክበቡን ከፈተች። ከተመለሱት ጠርሙሶች አንዱ አፍ ላይ የጧፍ ሰም ደርቆበት ስለነበር በቢላዋ ትፋቅ ጀመር።

«ያሳድግላቸው» አለች እየፋቀች። «የክርስትና ስሙን ማን አሉት ይሆን?»

«ሄደሽ ጠይቂያቸዋ!» አለች የሺአረግ። «ይልቅ አንድ ቀዝቃዛ ቢራ ስጪኝ።»

ውባንቺ ከፍታ አቀረበችላት፤ ከዚያም መዳፏን ዘረጋች።

«አንድ ብር።»

«ከእስር ቤት አውጥቼሽ?»

«ነጻ ብሰጥሽ በሚቀጥለው ወር አንድ ብር ጎደለ ትዪኛለሽ። አውቅሻለሁ። ክፈይ።»

የሺአረግ ሒሳቡን ከፈለች።